ስሙ ከዝርዝር የጠፋ፣ ስሙ የተሳሳተ ወይም ሳይመዘገብ የመጣ እንግዳ፦ ለመግቢያ ጠረጴዛ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢዋ በሚዘጋጁ የአንድ ቀን ሥልጠናዎች ላይ እንግዳ ተቀብለው ስም ለሚያመሳክሩ በጎ ፈቃደኞች የተጻፈ ነው። በጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት አንድ ነው፤ መዝጋቢው ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ፈልጎ ሲያጣው «እርስዎ አልተመዘገቡም» ይላል። እንግዳው ግን ብዙውን ጊዜ ተመዝግቧል፤ ስሙ በሌላ ፊደል፣ በሌላ ቅደም ተከተል ወይም በልጁ ስልክ ስለገባ ብቻ ነው ያልታየው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ፍለጋዎች በሙሉ ሳትጨርሱ ማንንም «የለም» አትበሉ።

ለማስረዳት እንዲመች ምሳሌዎቹ ሁሉ በአንድ ዝግጅት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አዳራሹ 180 ወንበር አለው፤ የተመዘገቡትም 180 ናቸው፤ ሥልጠናው ከጠዋቱ 3፡00 ይጀምራል፤ በመጨረሻም ስም ያለበት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ከአንድ ቀን በፊት ዝርዝሩን አዘጋጁ

1. የምዝገባውን ፋይል በኤክሴል ክፈቱና ቅጂ አውጡለት። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ሥራችሁን ሁሉ በቅጂው ላይ ሥሩ።

2. ከስም በፊት የተጻፉትን ማዕረጎች ከቅጂው አውጡ። «ወ/ሮ»፣ «አቶ»፣ «ዶ/ር» ብሎ የጀመረ ስም በፊደል ተራ ሲደረደር ከቦታው ይርቃል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ «ወ/ሚካኤል» ላይ ያለው «ወ/» ማዕረግ ሳይሆን የስሙ አካል ነው፤ ስለዚህ በጅምላ አትሰርዙ፣ አንድ በአንድ እያያችሁ አንሡ።

3. የስልክ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች ለብቻ አውጡ። ሰዎች ቁጥራቸውን በ09 ወይም በ07 ጀምረው፣ በ+251 ጀምረው ወይም በየመካከሉ ክፍተት እያደረጉ ያስገባሉ፤ ኤክሴል ደግሞ ከመጀመሪያው ዜሮ ብዙ ጊዜ ይቆርጣል። መጨረሻው ግን አይለወጥም። ስልኩ በ C አምድ ከሆነ ባዶ አምድ ላይ ይህን ጻፉና እስከ ታች ጎትቱት፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(C2," ",""),4)
```

4. ሁለት ዝርዝር አትሙ። አንዱ በስም ተራ ይሁን፤ ሁለተኛው በእነዚህ አራት አኃዞች ተራ ይሁን። ሁለተኛው ወረቀት ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ መብራት ሲጠፋና ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ግን ሥራችሁን የሚያስቀጥለው እሱ ነው። ኮምፒውተር በፊደል ሲደረድር ሀ፣ ሐ እና ኀን ለየብቻ ስለሚያስቀምጣቸው «ሀይሉ» በመጀመሪያው ገጽ፣ «ኃይሉ» ደግሞ ከ«ተ» እና ከ«ቸ» በኋላ ይወጣል፤ በቁጥር ሲደረደር ግን ይህ ችግር የለም።

5. ሦስት ባዶ ወረቀቶችን አዘጋጁና በላያቸው ርእስ ጻፉ፦ «የስም ማስተካከያ»፣ «ከዝርዝሩ ያልተገኙ» እና «ሳይመዘገቡ የመጡ»። ሁለቱን መጨረሻዎቹን በአንድ ወረቀት አታጣምሩ፤ ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ ይገኛል።

6. ከአስተባባሪው ጋር ሁለት ነገር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙ። የመጀመሪያው ያልመጡ ሰዎች ወንበር ለሌላ የሚለቀቀው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሥልጠናው ቀን የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው። ይህ ሳይወሰን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ በጎ ፈቃደኛ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ ለመስጠት ይገደዳል፤ ሰልፈኛውም ይህን ወዲያው ያስተውላል።

ደረጃ 2፦ ጠረጴዛውን ለሁለት ክፈሉ

አንደኛው ጠረጴዛ ስማቸው ወዲያው ለሚገኝ ብቻ ነው። መዝጋቢው ስሙን አንድ ጊዜ ፈልጎ ካጣው ሰልፉን ሳያቆም «እባክዎ እዚያ ጋ ይቀመጡ፤ ባልደረባዬ በደንብ ትፈልግልዎታለች» ብሎ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ይላክ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ጥላ ያለበት ቦታ ይሁን፤ ከፊት ለፊቱም ሁለት ሦስት ወንበር ይኑረው። ማንም ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ፣ በሰልፈኛ ፊት ቆሞ ስሙ እንደሌለ እንዲነገረው አታድርጉ።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ቢቻል አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አስቀምጡ። ከገላን፣ ከዱከም፣ ከአቃቂና ከኮዬ ፈጬ የሚመጡ ብዙ ተሳታፊዎች ስማቸውን የሚጽፉት በቁቤ ነው፤ ይህ ለፍለጋው ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀጥሎ ይታያል።

ዝርዝሩን ወደ እንግዳው አታዙሩ። ወረቀቱ ላይ የ180 ሰው ስልክ አለ። ቁጥር ስታመሳክሩም «መጨረሻው 4417 ነው?» ብላችሁ እናንተ አታንብቡ፤ «የስልክዎን የመጨረሻ አራት ቁጥር ይንገሩኝ» በሉና እሱ ይናገር። እናንተ ካነበባችሁለት ማንም «አዎ» ሊል ስለሚችል ማመሳከሩ ትርጉም ያጣል።

ደረጃ 3፦ በሁለተኛው ጠረጴዛ የሚደረገው ፍለጋ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደረ ነው፤ አንዱን ከዘለላችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጊዜ ታጠፋላችሁ።

*1. በስልክ ቁጥር ፈልጉ።* የመጨረሻ አራት አኃዞችን ጠይቁ። ካልተገኘ «ያስመዘገበዎት ሌላ ሰው አለ?» ብላችሁ የዚያን ሰው ቁጥር ጠይቁ። ወላጆችን ልጆቻቸው፣ ሠራተኞችን አለቆቻቸው፣ ጎረቤትን ጎረቤት ያስመዘግባል፤ በአንድ ስልክ ሦስትና አራት ሰው ተመዝግቦ ማግኘትም የተለመደ ነው።

*2. በአባት ስም ፈልጉ።* የእንግሊዝኛ ቅጽ የመጨረሻ ስም ስለሚጠይቅ አንዳንዱ የአባቱን ስም አስቀድሞ፣ አንዳንዱም የአያቱን ስም በአባቱ ቦታ ይጽፋል። ባለትዳር ሴትን በባሏ ስም አትፈልጉ፤ በአባቷ ስም ነው የምትመዘገበው። ባሏ ወይም መሥሪያ ቤቷ ያስመዘገባት ከሆነ ግን የባሏን ስም ለማየት መሞከር ይገባል።

*3. በሞክሼ ፊደላት ፈልጉ።* ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ኤክሴል ላይ `Ctrl+F` ተጭናችሁ በተጠራጠራችሁበት ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አስገቡ፤ ምልክቱ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይተካል። `?ይለ` ብላችሁ ብትፈልጉ ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሃይለ፣ ሐይለ የተጻፉት ሁሉ ይወጣሉ። ኮከብ ምልክት ደግሞ ማንኛውንም ያህል ፊደል ስለሚተካ «ፀሐይ ኃይለማርያም» የተባለችን ሴት `??ይ*?ይለ` ብሎ መፈለግ ይቻላል። ይህ አሠራር የኤክሴል ነው፤ ጎግል ሺት ላይ በተለመደው መፈለጊያ አይሠራም። በወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ በሀ፣ በሐ እና በኀ ገጾች ሦስቱንም ተመልከቱ።

*4. የተጣመሩና ያጠሩ ስሞችን ፈልጉ።* «ገብረ መድኅን» ተነጥሎ፣ «ገብረመድኅን» ተገጥሞ፣ «ገ/መድህን» አጥሮ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያውን ክፍል ተዉትና ሁለተኛውን ብቻ ፈልጉ፤ `መድ?ን`፣ `ማርያም`፣ `ሚካኤል`፣ `ጊዮርጊስ` ብሎ መጻፍ ሦስቱንም አጻጻፍ ያወጣል። ውጤቱ ከበዛ በራሱ በሰውየው ስም አጣሩት።

*5. በላቲን ፊደል ፈልጉ።* እዚህ ላይ አናባቢዎቹን ሁሉ ተዉ፤ አንዱ i፣ አንዱ y፣ አንዱ e ስለሚጽፍ አይታመኑም። ተነባቢዎቹን ብቻ ጻፉና በመካከላቸው ኮከብ አድርጉ። `h*l*m*r*m` ብትሉ Hailemariam፣ Haile Mariam እና Haylemaryam ሦስቱም ይወጣሉ። «ፀ»ን አንዱ ts፣ ሌላው s ብቻ ስለሚጽፈው ሁልጊዜ ከ s ጀምሩ።

በቁቤ የተጻፈ ስም ግን ይህንም ያመልጣል፤ የድምፆቹ ውክልና የተለየ ነው። በቁቤ c «ጭ»፣ x «ጥ»፣ ph «ጵ» ነው፤ ch ደግሞ «ች» ነው። ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ሴት Caaltuu ብላ ራሷን ታስመዘግባለች፤ ሌላ ሰው ያስመዘገባት ከሆነ Chaltu ሆና ትገኛለች። ሁለቱንም ሞክሩ፣ ወይም `c*lt` ብላችሁ አንድ ላይ ፈልጓቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንግዳዋ ራሷ ስሟን በወረቀት ላይ እንድትጽፍ መጠየቅ ነው፤ የጻፈችበት መንገድ ምናልባት የተመዘገበችበት መንገድ ነው።

*6. ቀኑንና ሰዓቱን ጠይቁ።* የማረጋገጫ መልእክት ስልኳ ውስጥ ካለ እንድታሳያችሁ ለምኑ። ሥልጠናው ሁለት ዙር ካለው የሌላው ዙር ተመዝጋቢ ሆና ሊሆን ይችላል። በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 የተባለውን በእኛ 9፡00 ሰዓት አድርጎ የተረዳ ሰው ከሥልጠናው ማብቂያ አካባቢ ይደርሳል፤ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ያቀላቀለ ደግሞ በሌላ ቀን ይመጣል። ይህ የእንግዳው ጥፋት አይደለም፤ መልእክቱን የጻፈው አካል በኢትዮጵያ አቆጣጠርም አብሮ መጻፍ ነበረበት።

አንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መድረሻው

ከላይ የጠቀስናት ወይዘሮ ፀሐይ 2፡40 ላይ መጡ እንበል። አንደኛው ጠረጴዛ «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ ሁለት ሰው ያገኛል፤ የሁለቱም አባት ሌላ ነው። መዝጋቢው ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ይልካቸዋል። እዚያ የራሳቸው ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥር በዝርዝሩ የለም። ያስመዘገበቻቸው ልጃቸው እንደሆነች ይናገራሉ፤ የልጃቸውን ቁጥር ግን በቃል አያውቁትም። ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም ስልካቸውን ከፍተው የልጃቸውን ቁጥር ራሳቸው እንዲያዩ ጠይቁ፤ ያ እስኪሆን ሌላውን ፍለጋ ቀጥሉ። `??ይ*?ይለ` ምንም አያወጣም። `ማርያም` ብዙ ሰው ያወጣል፤ ፀሐይ የሚባል ግን በመካከላቸው የለም። `h*l*m*r*m` ሲባል «Hailemariam Sehay» የሚል ይገኛል፤ የአባት ስም ቀድሞ ተጽፏል፣ t ቀርቷል።

ሥራው እዚህ አያልቅም። ስሙ መመሳሰሉ ብቻ በቂ ስላልሆነ በመስመሩ ላይ ያለው ስልክ የልጃቸው መሆኑን አመሳክሩ፤ የመጨረሻ አራት አኃዞቹን ከስልካቸው አይተው ይንገሯችሁ። ሲገጥም ምልክት አድርጉ፣ ባጁን ስጡ፣ ስማቸውንም «የስም ማስተካከያ» ወረቀት ላይ አስፍሩ። ይህ ሁሉ ረጅም ቢመስልም ለለመደ መዝጋቢ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ አንደኛው ሰልፍም በዚህ መካከል አልቆመም።

ደረጃ 4፦ ስም ስታስተካክሉ

የምስክር ወረቀት ላይ የሚወጣው ስም የሰውየው እንጂ የመዝጋቢው ምርጫ አይደለም። «ትክክለኛው በሐመሩ ሐ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አታርሙ። ባለቤቱ ራሱ «የስም ማስተካከያ» ወረቀት ላይ በሚፈልገው አጻጻፍ፣ በአማርኛም በላቲንም፣ በግልጽ ፊደል ይጻፍ። ለሥራ ማመልከቻ የሚጠቀምበት ከሆነ በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም ምከሩት። መታወቂያ የምትጠይቁት አጻጻፉን ለመቅዳት ብቻ ነው፤ አስቀድሞ በጥሪው ላይ ካልተነገረ በቀር መታወቂያ ያልያዘን ሰው አትመልሱ።

ዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም ሰርዛችሁ በላዩ አትጻፉ። የመስመሩን ቁጥር ወደ ማስተካከያ ወረቀቱ ውሰዱ፤ ለምሳሌ «ተ.ቁ. 112» ብላችሁ ከጎኑ አዲሱ አጻጻፍ ይግባ። ዝርዝሩ ላይ የተደረበ ጽሑፍ የምስክር ወረቀት ለሚያትመው ሰው አይነበብም።

ስምና የአባት ስም የሚገጥምላቸው ሁለት ሰዎች ካሉ የአያት ስምና የስልኩን መጨረሻ ሳትጠይቁ ምልክት አታድርጉ። በስሕተት የሌላው ላይ ምልክት ከተደረገና እውነተኛው ባለቤት በኋላ ከመጣ «እርስዎ ገብተዋል» አትበሉት፤ ስልኩን አመሳክሩና አስገቡት። ከዚያም ቀድሞ የገባውን በአዳራሹ ውስጥ በእረፍት ሰዓት ፈልጋችሁ መስመሩን አስተካክሉ።

ደረጃ 5፦ በእርግጥ ከዝርዝሩ የሌለ ሰው

ስድስቱም ፍለጋዎች ካለቁ በኋላ እንግዳው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት ግዴታችሁ ነው።

የመጀመሪያው ተመዝግቤያለሁ የሚልና የማረጋገጫ መልእክት፣ የቴሌግራም ምላሽ ወይም ያስመዘገበውን ሰው ስም ማቅረብ የሚችል ነው። ይህን ሰው «ከዝርዝሩ ያልተገኙ» ላይ መዝግቡና ወዲያው አስተባባሪውን ጥሩ። ስሕተቱ የአዘጋጁ መሆኑ ስለሚያመዝን ሳይመዘገቡ መጥተው ወንበር ከሚጠብቁት ተጠባባቂዎች በፊት ወንበር ያገኛል። ማስረጃው የጠፋበት ነገር ግን የምዝገባውን መንገድና ቀን አስተካክሎ የሚናገር ሰውም በዚሁ ወረቀት ላይ ይመዝገብ፤ ውሳኔው የአስተባባሪው ነው።

ሁለተኛው ሳይመዘገብ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ይህን በግልጽ ይናገራሉ፤ እናንተም በጥያቄ አታስጨንቋቸው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ከተጻፉ ግን በአዘጋጁ ስሕተት ስሙ የጠፋው ሰው ቀድሞ በመጣው ያልተመዘገበ ሰው ይቀደማል፤ ወረቀቱ የተለየው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ሳይመዘገቡ የመጡ

1. ስም፣ ስልክና የደረሱበትን ሰዓት ጻፉ፤ የተራ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀትም ስጧቸው። ተራው በመድረሻ ሰዓት ብቻ ይሁን፤ የምታውቁትን ጎረቤት ወይም ዘመድ አታስቀድሙ።

2. ሰዓቱን ንገሯቸው፣ ተስፋ ግን አትስጡ። አባባሉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ተራዎ 7ኛ ነው። 3፡30 ላይ ያልመጡ ሰዎች ወንበር ካለ በተራ እናስገባለን፤ ካልተረፈ ግን ዛሬ መግባት አይቻልም። መጠበቅ ይፈልጋሉ?» «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «እናያለን» የሚሉት ቃላት ሰውን ከንቱ ያቆያሉ። ከሩቅ መጥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የሚመለስ ሰው እርግጠኛውን ነገር ቶሎ ማወቅ ይገባዋል።

3. እስከ 3፡30 ማንንም አታስገቡ። ከዚያ በፊት የምታስገቡት እያንዳንዱ ሰው በመንገድ ላይ ያለን አንድ ተመዝጋቢ ወንበር ይወስዳል።

4. 3፡30 ላይ ቁጠሩ። ምልክት የተደረገባቸውን ተመዝጋቢዎችና በደረጃ 5 የተፈቀደላቸውን ደምሩ። 148 ተመዝጋቢና 3 የተፈቀደላቸው ካሉ 151 ሆኑ፤ 29 ወንበር ይቀራል። ሁሉንም አትልቀቁ፤ ለዘገዩ ተመዝጋቢዎች ጥቂት አስቀሩ። እዚህ ዳርቻ ላይ ታክሲ የጠፋ ጠዋት ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለሚዘገይ ዘጠኝ ያህል ማስቀረት ይመከራል። ስለዚህ ከ1 እስከ 20 ያሉት ተጠባባቂዎች ይጠሩ።

5. በተራ ቁጥር እንጂ በስም አትጥሩ፤ ተጠርቶ ያልተገኘን ሰው አንዴ ድገሙና ወደሚቀጥለው እለፉ። ለገቡት በእጅ የተጻፈ ባጅ ስጡ፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው እንደሆነም ከመግባታቸው በፊት ንገሯቸው።

6. ለቀሩት ወዲያው ተናገሩ። ቆመው ሲጠብቁ ከመተው ወጥቶ «ወንበር ሞልቷል፤ ስልክዎን ይዘናል» ማለት ይሻላል። «እንደውላለን» የምትሉት ግን በእርግጥ የሚደውል ሰው ከተመደበ ብቻ ነው።

ምሳ የታዘዘው በተመዝጋቢ ልክ ከሆነ በዚህ ስሌት የገቡት ተጠባባቂዎች ያልመጡትን ሰዎች ድርሻ ስለሚወስዱ ትርፍ ምግብ አያስፈልግም። የሚጎድለው መዝጋቢዎች ከ180 በላይ ሲያስገቡ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ዓይነቱን እንግዳ ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ድምር ያዙ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ፦* ሁለቱን የታተሙ ዝርዝሮች አውጡና በስልክ ቁጥር ተራ በተደረደረው ጀምሩ። ኮምፒውተሩ ሲመለስ ወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት መጀመሪያ ገልብጡ፤ በሁለቱ ላይ በትይዩ ምልክት ማድረግ ቁጥሩን ያዛባል።

*አንድ እንግዳ ሲቆጣ፦* ከሰልፉ ፊት ለፊት አትከራከሩ። ወንበር ስጡት፣ ስሙን በወረቀት እንዲጽፍ ጠይቁ፣ ፍለጋውን በፊቱ አድርጉ። ስሙ በእርግጥ እየተፈለገ መሆኑን ሲያይ ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል።

*ዘግይቶ የመጣ ተመዝጋቢ ወንበር ሲያጣ፦* ያስቀራችኋቸው ዘጠኝ ወንበሮች ካለቁ ተጠባባቂን ከአዳራሽ አታስወጡ። አስተባባሪውን ጥሩ፤ ከቢሮ ወይም ከሌላ ክፍል ትርፍ ወንበር ማምጣት ወይም በሚቀጥለው ዙር ቦታ በስሙ መያዝ የእሱ ሥልጣን ነው።

*ሥራው ሲያበቃ፦* ዝርዝሮቹን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ሦስቱን ወረቀቶችና ሁለቱን የታተሙ ዝርዝሮች ቆጥራችሁ ለአስተባባሪው አስረክቡ፤ የስም ማስተካከያው ወረቀት ግን የምስክር ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በቀጥታ ለሚያትመው ሰው ይድረስ። በስልካችሁ ያነሣችሁት የዝርዝሩ ፎቶ ካለ ከስልኩ ጋለሪም፣ ከቴሌግራም ቡድኑም አጥፉት።